የአንድ ሰልፍ ዜና፣ የመዝገብ ቤት ማኅተምና የአንቱታ ነገር፦ ለአማርኛ ዜና አርታኢዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአማርኛ ዜና ክፍሎች ዋና አዘጋጆችና አርታኢዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ አጭር ዜና ምክንያት ነው። ዜናው ሦስት አንቀጽ ብቻ ነበር። ስድብ የለበትም። ፍረጃ የለበትም። ሁለት ወገኖች ተናግረውበታል። ጽፋ ያመጣችልኝ ባልደረባዬ ደግሞ ጠንቃቃ ልጅ ናት፤ ሆን ብላ ለማንም አታደላም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ፊደል አርሜ ላሳልፈው ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ቆረቆረኝ። ለምን እንደቆረቆረኝ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ያን ግማሽ ቀን ነው ላካፍላችሁ የፈለግሁት።

ረቂቁ ይህን ይመስል ነበር። የፓርቲውንና የከተማውን ስም አውጥቼዋለሁ።

«ፓርቲው እሁድ ሊያካሂደው አቅዶት የነበረው ሰልፍ ፈቃድ ባለማግኘቱ ሳይካሄድ መቅረቱን የከተማ አስተዳደሩ ኃላፊ ገለጹ። ኃላፊው በአካባቢው የጸጥታ ስጋት በመኖሩ ሰልፉ ወደ ሌላ ጊዜ እንዲዛወር ለፓርቲው በወቅቱ ማሳወቃቸውን አስረድተዋል።

የፓርቲው ሊቀመንበር በበኩሉ ላስገባነው ደብዳቤ ምንም ምላሽ አልተሰጠንም ሲል አማሯል። አስተዳደሩ ሕገ መንግሥታዊ መብታችንን ነጥቆናል ሲልም ከሷል።

የአካባቢው ነዋሪዎች ሰልፉ ባለመካሄዱ እፎይታ እንደተሰማቸው ተናግረዋል። ሁለቱ ወገኖች ግን አሁንም እርስ በርስ እየተወነጃጀሉ ነው።»

እስቲ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

እኔ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነው። የ«አለ» ቦታ የያዙትን ግሶች በሙሉ በኅዳጉ ላይ ወደ ታች ጻፍኳቸው። በኃላፊው በኩል «ገለጹ»፣ «አስረድተዋል» አሉ። በሊቀመንበሩ በኩል «አማሯል»፣ «ከሷል» አሉ። ዜናውን ትቶ እነዚህን አራት ቃላት ብቻ የሚያነብ ሰው ማን አስተማሪ፣ ማን ነጭናጫ እንደሆነ ያውቃል። «ማስረዳት» ሌላው እንዲረዳ ማድረግ ነው። የሚያስረዳ ሰው እውነቱ በእጁ አለ ማለት ነው። «አስገነዘቡ» እና «አስታወሱ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ያልሆነ ነገር አይታወስምና። «ማማረር» ግን ይዘቱ እውነት ይሁን ውሸት የሰውየውን ስሜት ብቻ ነው የሚነግረን።

ከእነዚህ ጋር አብረው የሚታዩ ሌሎችም አሉ። «አመነ» ካልን ጥፋት ነበረ ማለት ነው። «ካደ» ካልን ሰውየው እየዋሸ ነው ብለናል፤ «አላደረግሁም ብሏል» ማለት እየተቻለ። «አጋለጠ» ካልን የተጋለጠው ነገር እውነት መሆኑን ፈርመንለታል። እነዚህ ግሶች ክልክል ናቸው እያልኩ አይደለም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን ያመነን ሰው «አመነ» ማለት ትክክል ነው። ግን እያንዳንዳቸው ማስረጃ ይጠይቃሉ። ማስረጃው ከሌለ «አሉ»፣ «ተናገሩ»፣ «ብለዋል» ይበቃል። ጋዜጠኞች «ብለዋል» ሲደጋገም ያስጠላል ብለው ይሰጋሉ። በእኔ ልምድ አንባቢ በ«ብለዋል» ተሰናክሎ አያውቅም። ዓይኑ እንደ ነጥብ አልፎት ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ከግሱ ትርጉም ይልቅ ከግሱ ጭራ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ነው በተለይ እንድታዩልኝ የምፈልገው፤ ምክንያቱም የውጭ የጋዜጠኝነት መማሪያ አይነግረንም። የእኛው ቋንቋ ጉዳይ ነው። ኃላፊው «ገለጹ»፣ «አስረድተዋል» ተብለዋል። ሊቀመንበሩ «አማሯል»፣ «ከሷል» ነው የተባለው። አንዱ አንቱ፣ ሌላው አንተ። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ እንዲያውም በዕድሜ ይበልጣል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከወንበሩ።

ባልደረባዬን ስጠይቃት ደነገጠች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አላየሁትም» አለች። አምናታለሁ። ማናችንም አናየውም። ሰው ሲሾም «እርሳቸው»፣ ሲሻር «እሱ» እንላለን። ሲታሰር ደግሞ ባንድ ሌሊት «ተያዘ» እንለዋለን፤ ትናንት «ተናገሩ» ያልነውን ሰው። ፍርድ ቤት ገና ምንም ሳይወስን እኛ በሰዋስው ፈርደንበታል። አንድ የዜና ክፍል «አሸባሪ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ስብሰባ ተቀምጦ ሊከራከር ይችላል። አንቱታን ለመንፈግ ግን ማንም አይሰበሰብም።

በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። በአንድ የፖለቲካ ዜና ውስጥ የሚናገሩ አዋቂዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መጠሪያ ይሰጣቸው፤ ሚኒስትሩም፣ ተጠርጣሪውም፣ ሱቅ ጠባቂዋም። የአብዛኛው አንባቢ ጆሮ የለመደው አንቱታ ስለሆነ ለሁሉም አንቱታ ይሁን። አንድ ችግር እንዳለው አውቃለሁ፤ «ተናገሩ» ሲባል አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው አይለይም። መፍትሔው ባለቤቱን በግልጽ መጻፍ ነው። «ሊቀመንበሩ ተናገሩ» ካልን ማንም አይሳሳትም። የማዕረግ ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ለአንዱ «ክቡር» እና «ዶክተር» ብለን ለሌላው የአባቱን ስም እንኳ ከዘለልን ሚዛኑ ገና በመጠሪያው ተዛብቷል። በዚህ ደብዳቤም ከዚህ በኋላ ሊቀመንበሩን አንቱ እላቸዋለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚረቅቅ ነው። «ሳይካሄድ መቅረቱን ገለጹ»፣ «በወቅቱ ማሳወቃቸውን አስረድተዋል» የሚሉትን እዩ። በአማርኛ «ማሳወቃቸውን» ስንል ማሳወቁ ተፈጽሟል፤ ሰውየው ስለተፈጸመው ነገር እየተናገሩ ነው። «በወቅቱ አሳውቀናል ብለዋል» ስንል ግን ንግግሩ የእሳቸው ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን ገና ነው። አሁን ወደ ሊቀመንበሩ ተመለሱ። «ምንም ምላሽ አልተሰጠንም ሲል»። ይህ በእሳቸው አፍ ተቀምጧል። ኃላፊው የተናገሩት እንደ ሆነ ነገር ተጻፈ፤ ሊቀመንበሩ የተናገሩት እንደ ወሬ። ሁለቱም እኩል አንድ አንድ አንቀጽ ተሰጥቷቸዋል፤ አንባቢው ግን አንዱን አምኖ ሌላውን ታዝቦ ነው የሚወጣው።

ይህን ለመያዝ አንድ ዘዴ አለኝ። ሰዎቹን አቀያይሩ። በኃላፊው ቦታ ሊቀመንበሩን፣ በሊቀመንበሩ ቦታ ኃላፊውን አስገቡና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ሊቀመንበሩ ደብዳቤ በወቅቱ ማስገባታቸውን አስረድተዋል። ኃላፊው በበኩሉ ምንም ደብዳቤ አልደረሰኝም ሲል አማሯል።» ጆሯችሁን ኮረኮረው? የኮረኮረው ቦታ ላይ ነው የተጫነው ቃል ያለው። ዓይን ያልያዘውን ጆሮ ይይዘዋል።

ስሞችም ላይ ይህንኑ ነገር ማየት ይቻላል። በሰኔም በጥቅምትም የምንጽፋቸው የታጣቂ ቡድኖች ስም ሁልጊዜ ያከራክረናል። መንግሥት «ሸኔ» የሚለው ቡድን ራሱን «የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት» ይላል። ሁለቱም ስሞች የሆነ ሰው አፍ ውስጥ ናቸው። የሚሻለው ቡድኑ ራሱን የሚጠራበትን ጽፎ መንግሥት ምን እንደሚለው መጨመር ነው። «ሽብርተኛ» የሚለውም እንደዚሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2013 ዓ.ም. ህወሓትን እና «ሸኔ» ያለውን ቡድን በሽብርተኝነት ሰየመ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ህወሓትን ከስያሜው አነሳ። «ምክር ቤቱ በሽብርተኝነት የሰየመው» ብሎ ሲጽፍ የነበረ የዜና ክፍል በዚያ ቀን የሚያርመው ነገር አልነበረውም። «ሽብርተኛው» ብሎ በራሱ አፍ ሲጽፍ የነበረ ግን በማግሥቱ ቃሉን ሲቀይር ቃሉ ከመጀመሪያውም የእሱ እንዳልነበረ ታየበት።

ወደ ሰልፋችን ልመለስ። እስካሁን ያልኩት ስለ ቃላት ነው። ቃላቱን ሁሉ አስተካክለን፣ አንቱታውን አመጣጥነን፣ «ብለዋል» እያልን ዜናውን ብናወጣው ጥሩ ዜና ይሆን ነበር? አይሆንም። እንዲያውም የባሰ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሚዛናዊ ይመስላል።

ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ሁለቱንም እኮ አናግሬአለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሁለቱ የሚከራከሩት በምንድን ነው? አንዱ «አሳውቀናል» ይላሉ። ሌላው «ምላሽ አልተሰጠንም» ይላሉ። ይህ የአመለካከት ልዩነት አይደለም። ደብዳቤ ወይ ተሰጥቷል ወይ አልተሰጠም። ማኅተም ያለው፣ ቀን ያለው፣ የተቀባይ ፊርማ ያለው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ «ይኼኛው እንዲህ አለ፣ ያኛው እንዲህ አለ» ብለን ስናወጣ ሥራችንን ለአንባቢው አስተላለፍን። አንባቢው ደግሞ መዝገብ ቤት ሄዶ ደብዳቤ ማየት አይችልም። እኛ ነን የምንችለው። ሐሰተኛ ሚዛን የምለው ማጣራት በሚቻል ነገር ላይ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ መሄድን ነው። የሚጠቀመው ደግሞ ሁልጊዜ ያላደረገውን አደረግሁ ያለው ወገን ነው። እውነቱን ወደ መሐል ጎትቶለታልና።

ቢቢሲ በአየር ንብረት ለውጥ ዘገባው ላይ ይህን ስህተት ሲሠራ ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ለባልደረቦቹ የውስጥ ማስታወሻ አሰራጭቷል። ማስታወሻው ጉዳዩን በእግር ኳስ ነው ያስረዳው። ማንችስተር ዩናይትድ ቅዳሜ 2 ለ 0 ካሸነፈ፣ ለሚዛን ሲባል «አላሸነፈም» የሚል ሰው አይፈለግም፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቷል የሚል ሐሳብ ነው። ለእኛ አገር ለኳስ ወዳድ አንባቢ ከዚህ የቀለለ ምሳሌ የለም። የእኛ ችግር ግን ብዙ ጊዜ ዳኛው ፊሽካ የነፋ መሆኑን እንኳ አለመጠየቃችን ነው።

በሰልፍ ጉዳይ ዳኛው አለ። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 ይባላል። አጭር አዋጅ ነው፤ ቡና እየጠጡ ይነበባል። ሰልፍ የሚጠራ ሰው ሰልፉ ከመካሄዱ 48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቃል ይላል። ማሳወቅ ነው የሚለው። አስተዳደሩ በበኩሉ ለጸጥታና ለሰው ዕለታዊ ኑሮ ሲል ሰልፉ በሌላ ቦታ ወይም በሌላ ጊዜ ቢደረግ ይሻላል ካለ፣ ማሳወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይገልጻል። ጭራሽ እንዳይካሄድ ማለት ግን አይችልም።

እዚህ ላይ የረቂቃችን ዋና የተጫነ ቃል ብቅ ይላል። «አማሯል» አይደለም። «ፈቃድ» ነው። «ፈቃድ ባለማግኘቱ» ስንል ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፣ የሚሰጥ አካል አለ፣ ፓርቲው ደግሞ ሳያገኝ ቀረ ብለናል። በአዋጁ ፈቃድ የለም፤ ማሳወቅ ነው ያለው። ይህ ቃል ለጆሯችን በጣም የለመደ ስለሆነ ሰልፍ ጠሪዎቹ ራሳቸው እንኳ «ፈቃድ ጠይቀን ነበር» ይላሉ። ባልደረባዬም የወሰደችው ከኃላፊው አፍ ነው። ቃሉን ስትወስድ ግን ከቃሉ ጋር የክርክሩን ግማሽ ወሰደች። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ኃላፊው ትክክል ናቸው፤ ማሳወቅ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው።

ስለዚህ «ደብዳቤዎቹን አምጪ» አልኳት። ሁለቱንም፤ ፓርቲው ያስገባውንም፣ አስተዳደሩ የመለሰውንም። በስልክ የተነበበላትን ሳይሆን ፎቶውን። ከሰዓት ይዛ መጣች።

የፓርቲው ደብዳቤ ላይ የመዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተም አለ። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ሰልፉ የተጠራው ለእሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ጣታችንን አጥፈን ቆጠርን፤ 71 ሰዓት ይሆናል። ከ48 ይበልጣል። የአስተዳደሩ መልስ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ቀን ሐሙስ ነው። የፓርቲው ሰው ተቀብሎ የፈረመበት ግን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት። ከገቢው እስከዚያ 53 ሰዓት አልፏል። የ12 ሰዓቱ ገደብ ያለቀው ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ነበር። እዚህ ላይ ለወጣት ባልደረቦች የምነግራችሁ ነገር ቢኖር፣ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ ቀን ደብዳቤው የተሰጠበት ቀን ማለት አይደለም። ወጪ መዝገቡንና የተቀባዩን ፊርማ ሳታዩ ቀን አትጻፉ።

የመልሱ ይዘት ደግሞ «ፈቃድ ስላልተሰጠው እንዳይካሄድ» ይላል። ሌላ ጊዜ አይጠቅስም። ሌላ ቦታም አይጠቅስም። የጸጥታ ስጋት የሚል ሐረግ አለ፤ ምን ዓይነት ስጋት እንደሆነ አያብራራም።

አሁን ምን ሆነ? ኃላፊው «ወደ ሌላ ጊዜ እንዲዛወር በወቅቱ አሳውቀናል» ያሉት ከራሳቸው ደብዳቤ ጋር አይገጥምም። ሊቀመንበሩ «ምንም ምላሽ አልተሰጠንም» ያሉትም አይገጥምም፤ የራሳቸው ሰው ፈርሞ ተቀብሏል። ሁለቱም የተናገሩት ከወረቀቱ ፈቀቅ ያለ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ለሁለቱም እኩል ቦታ ሰጠ፤ ሁለቱንም ግን አልመረመረም።

ከዚያ ለሁለቱም ደወለች። ይህን ደረጃ መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው። ወረቀት አገኘሁ ብሎ ሰው ላይ መሮጥ ሌላ ዓይነት አድልዎ ነው። ኃላፊው ደብዳቤው የዘገየው በሥራ መደራረብ ነው አሉ። ሊቀመንበሩ «አልተሰጠንም ያልነው ሕጉ በሚለው ጊዜ አልተሰጠንም ለማለት ነው» አሉ። ሁለቱንም ጻፍነው።

ስለ ነዋሪዎቹም ጠየቅኋት። «ስንት ሰው አናገርሽ?» አልኳት። ዝም አለች። አንድ ባለሱቅ ነበሩ። አንድ ባለሱቅ «ነዋሪዎች» ሆነው ነበር። ያም ብቻ አይደለም። ኃላፊው ከሚሉት ጋር የሚሄድ ሦስተኛ ድምፅ ሆነው ስለተጨመሩ ሁለት ለአንድ አድርገውት ነበር። በሁለት ወገን ዜና ውስጥ «ነዋሪዎች»፣ «ታዛቢዎች»፣ «ምሁራን» ሲመጡ ለማን ድጋፍ እየሰጡ እንደሆነ እዩ። ባለሱቁን አወጣናቸው። ስለ ሰልፍ ቀን ገበያ የሚዘግብ ሌላ ዜና ቢሠራ ጥሩ ምንጭ ይሆናሉ።

የወጣው ዜና መግቢያ ይህ ነው፦

«ፓርቲው ለእሁድ ጠዋት የጠራው ሰልፍ አልተካሄደም። የከተማ አስተዳደሩ ሰልፉ እንዳይካሄድ የሚገልጽ ደብዳቤ ለፓርቲው የሰጠው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መሆኑን የተቀባዩ ፊርማ ያሳያል። ፓርቲው ሰልፉን ያሳወቀው ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። አዋጅ ቁጥር 3/1983 አስተዳደሩ የቦታ ወይም የጊዜ ለውጥ ሐሳብ ካለው በ12 ሰዓት ውስጥ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ደብዳቤው የጸጥታ ስጋትን ይጠቅሳል፤ ስጋቱን አይዘረዝርም፤ ሌላ ቀንም አያቀርብም።»

«መሆኑን ያሳያል» የሚለውን አያችሁት? ቅድም የነቀፍኩት ጭራ ነው። እዚህ ግን ቦታው ነው፤ ፊርማውን በዓይናችን አይተነዋል። ይህን ቅርጽ ያየነውን ነገር ስንጽፍ ብቻ እንጠቀምበት። በሰማነው ላይ «ብለዋል» እንበል።

ደግሞ «ሕገ ወጥ» የሚል ቃል የለበትም። አስተዳደሩ ሕግ ጣሰ አላልንም። የመፍረድ ሥልጣን የእኛ አይደለም። አዋጁ የሚለውንና ደብዳቤው የሚያሳየውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥን። እኔ በመጀመሪያ «አዋጁ በ12 ሰዓት እንዲመልስ ቢያዝም አስተዳደሩ ግን» ብዬ ጀምሬው ነበር። ባልደረባዬ አነበበችና «ጋሼ፣ ይቺ ‹ቢያዝም›ና ‹ግን› የእርስዎ ናቸው» አለችኝ። ልክ ነበረች። አዋጁ ራሱ የሚናገረውን እኔ በማያያዣ ቃል ልገፋው ነበር። ቆርጣ ሁለት ዓረፍተ ነገር አደረገችው። አርታኢ የሰውን አድልዎ ሲያወጣ የራሱን እንዳይተካ የሚጠብቀው የጻፈው ባልደረባ ነው፤ ስለዚህ እርማቱን ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ ሥሩት። በሩቅ ቆርጣችሁ አታውጡት።

ሁሌም እንዲህ ወረቀት አይገኝም። አውቃለሁ። መዝገብ ቤቱ «አለቃ ካላዘዘኝ አላሳይም» ይላል። ፓርቲው ደብዳቤው ጠፋብኝ ይላል። ያን ጊዜ የምንጽፈው ያንኑ ነው። «ደብዳቤውን ለማየት ጠይቀን አልተፈቀደልንም» ማለት አንባቢውን ከብዙ ግምት ያድነዋል፤ ማን አላሳየም የሚለውም መረጃ ነው። አንዱን ወገን ወደን መምረጥ ግን አይገባንም።

ሁለት ወገንን በእኩል ማስቀመጥ ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። ሰልፉ በዚያ ሳምንት መጠራቱ ብልህነት ነበር ወይ? የፓርቲው ጥያቄ ለሕዝብ ይጠቅማል ወይ? እነዚህ በወረቀት የማይፈቱ ናቸው። ሰው የሚለያይባቸው ናቸው። እዚያ ላይ ሁለቱም፣ ካስፈለገም አራትና አምስት ሰው በሰፊው ይናገር። የእኛ ሥራ ክርክሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ነው። ረቂቅ ሲቀርብልኝ አሁን ከእያንዳንዱ አከራካሪ ዓረፍተ ነገር አጠገብ አንድ ምልክት አደርጋለሁ። «ይጣራል» ወይም «ይለያያል»። «ይጣራል» ያልኩት ሁሉ ሳይጣራ ዜናው አይወጣም፤ ወይም ለምን እንዳልተጣራ ይጻፋል። አንዳንዱ ሁለቱንም ይሆናል። የጸጥታ ስጋቱ እንደዚያ ነበር። ስጋት ነበረ የሚለው የሚጣራ ነው፤ ግን ማስረጃውን ያየ የለም። ስለዚህ ደብዳቤው እንደማይዘረዝር ብቻ ጻፍን።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የዜና ክፍላችሁ የአጻጻፍ መመሪያ ካለው ስለ አንቱታ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፤ ሹመት ላይ ያለም የታሰረም በአንድ መጠሪያ እንዲጠራ። መመሪያ ከሌላችሁ በአንድ ገጽ ጀምሩት። ሰልፍን በሚመለከት «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ከራሳችሁ አፍ አውጡት፤ ባለሥልጣኑ ካለው በጥቅስ ውስጥ ይቀመጥ፤ አዋጁ የሚለው ደግሞ አጠገቡ። ሪፖርተር «ሁለቱንም አናግሬአለሁ» ሲላችሁ «ደብዳቤውስ?» በሉት። ልትቆጡት አይደለም፤ ዘገባው እዚያ ስለሚጀምር ነው።

ባልደረባዬ ያን ዜና ከሠራች በኋላ ሌላ ዜና አምጥታልኛለች። ስለ አንድ የወረዳ ስብሰባ ነው። ረቂቁን ከመስጠቷ በፊት ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የገቢ ማኅተም ነበር፤ ቀኑና ሰዓቱ በደንብ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዜና አርታኢ
አዲስ አበባ